«ባሏስ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው

ጥያቄ፦ «በአማርኛ የሚያወያይ የፍለጋ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ሰዎች አንድ ጥያቄ ይጠይቁና ቀጥለው ‹ባሏስ?›፣ ‹በ1911ስ?› ብለው ይጽፋሉ። ይቺን አጭር ጥያቄ ቀድሞ ከተባለው ጋር አያይዘን ራሷን የቻለች ጥያቄ ማድረግ አለብን። ‹ስ›ን ቆርጠን የተረፈውን ቃል በፊተኛው ጥያቄ ውስጥ ብንተካው አይበቃም ወይ?»

መልስ፦ አይበቃም። ግን መነሻችሁ ጥሩ ነው። «ስ» በአማርኛ ተከታይ ጥያቄ ላይ የሚለጠፍ ታፔላ ነው ማለት ይቻላል። «የፊተኛው ጥያቄ እንዳለ ይቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይር» የሚል ታፔላ። ችግሩ ያለው መቁረጡ ላይ፣ መተካቱ ላይ፣ ከዚያም ከተተካ በኋላ ነው።

ከመቁረጡ እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነውና። «ፓሪስ»፣ «ቫይረስ»፣ «ፈረስ» ሁሉም በ«ስ» ያልቃሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የሙከራ ፕሮግራም አሳይተውኝ ስለ ቫይረስ ብጠይቀው «ቫይረ» የሚባል ነገር ሲፈልግልኝ ዋለ። እውነተኛው ታፔላ በላዩ ሲመጣ «ፓሪስስ?»፣ «ቫይረስስ?» ነው የሚሆነው፤ ሁለት «ስ»። ስለዚህ ቆራጩ ከመቁረጡ በፊት የቀረው ቃል በመዝገበ ቃላቱ ወይም በፊተኛው ውይይት ውስጥ ያለ መሆኑን ይይ። «ፓሪ» ከሌለና «ፓሪስ» ካለ እጁን ይሰብስብ።

አሁን ወደ ዋናው። የትኛው ቦታ ላይ ነው የሚተካው? እዚህ ላይ አማርኛ በጣም ደግ ቋንቋ ነው፣ መልሱን ቃሉ ላይ ሰፍቶ ይሰጣችኋል። አንድ ሰው እንዲህ ጠየቀ እንበል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦

በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤልን ማን አገኘ?
በ1911ስ?
የፊዚክሱንስ?

ሁለተኛዋ ላይ «በ» አለች። በፊተኛው ጥያቄ «በ» ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «በ1903»። ስለዚህ እሱ ይወጣል፣ «በ1911» ይገባል፦ «በ1911 የኬሚስትሪ ኖቤልን ማን አገኘ?» መልሱ ማሪ ኩሪ ነው።

ሦስተኛዋ ጥያቄ ደግሞ በአንድ ቃል ላይ አራት ቅጥያ ተሸክማለች። «የ» ከ«የኬሚስትሪ» ጋር ታዛምዳታለች። «ፊዚክሱ» ላይ ያለችው «ኡ» «ያኛው፣ የፊዚክስ የሆነው» ትላለች፤ ማለትም «ኖቤል» የሚለው ስም ተውጧል። «ን» የተፈለገው ተሳቢው መሆኑን ትናገራለች። «ስ» ደግሞ ሌላው ይቆይ ትላለች። አራቱን ከፈታችሁ ጥያቄው ራሱ ይወጣል፦ «በ1911 የፊዚክስ ኖቤልን ማን አገኘ?» መልሱ ቪልሄልም ቪን ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። 1911 ከየት መጣ? ሦስተኛዋን ከመጀመሪያዋ ጋር ብቻ ብታያይዟት 1903 ይሆን ነበር። የ1903 የፊዚክስ ኖቤል የእነ ማሪ ኩሪ ነው፣ ስለዚህ መልሱ ትክክል መስሎ ይመጣል፤ ጠያቂው የፈለገው ግን እሱን አይደለም። «በ1911ስ?» ብቻዋን ደግሞ ግስ የላትም፣ ኖቤልም የላትም። ስለዚህ እያንዳንዷን ተከታይ ጥያቄ ስትጽፉ የምታዩት ሰውየው የጻፈውን ጥሬ ቃል ሳይሆን፣ እናንተ ቀድማችሁ አሟልታችሁ የጻፋችሁትን ይሁን። ይሄ ዕዳም አለው፦ ሁለተኛዋ ላይ የተሳሳታችሁት ሦስተኛዋና አራተኛዋ ላይ ይከተላችኋል። ስለዚህ ጥሬውንም አትጣሉት፣ ከጎኑ አስቀምጡት።

ቅጥያ የሌለበት ቃል ሲመጣስ? አሁን ወደ «ባሏስ?» እንሂድ።

ማሪ ኩሪ የት ተወለደች?
ባሏስ?
መቼ ሞተ?
ኖቤል ስንት ጊዜ አገኘች?
የመጀመሪያውንስ ከማን ጋር ተካፈለችው?

«ባሏስ?» ላይ «ን»ም «በ»ም «ለ»ም የለም። ባዶ ከሆነ ባለቤት ነው፣ የማሪ ኩሪን ቦታ ይወስዳል። እናንተ እንዳሰባችሁት ዝም ብሎ ቢተካ «ባሏ የት ተወለደች?» ይሆናል። ሁለት ስህተት አለው። «ባሏ» ላይ ያለችው «ዋ» አሁንም «እሷ» ማን እንደሆነች ከፊተኛው ውይይት ትጠብቃለች፤ ጥያቄው ራሱን አልቻለም። ግሱም በሴት ቀርቷል። ትክክለኛው «የማሪ ኩሪ ባል የት ተወለደ?» ነው። ማሪ ኩሪን ከቦታዋ አውጥታችሁ በ«የ» መልሳችሁ ታስገቧታላችሁ፣ ግሱን ደግሞ ከአዲሱ ባለቤት ጋር ታስማማላችሁ። «ፒየር ኩሪ» ብላችሁ ስሙን ለመጻፍ አትቸኩሉ። ስሙ ቀድሞ በወጣው የፍለጋ ውጤት ላይ ከነበረ ግቡበት፤ ካልነበረ ግን ጠያቂው ያላለውን ነገር በአፉ ማስገባት ነው። ዛሬ ልክ ብትሆኑ ነገ የሁለት ባሎች ሚስት ላይ ትወድቃላችሁ።

«መቼ ሞተ?» ላይ «ስ» የለችም። እሱ፣ እሷ የሚል ተውላጠ ስምም የለም። ሁሉም ግሱ ውስጥ ነው። በሌላ ቋንቋ የተሠራ ዘዴ በቀጥታ ሲመጣ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ሥራ በ2019 የወጣ ካናርድ የሚባል የእንግሊዝኛ ስብስብ አለ፤ ወደ 40 ሺህ ጥያቄዎችን ሰዎች ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አሟልተው የጻፉበት። እሱን ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ሞዴል ማሠልጠን ያጓጓል። ግን ትርጉሙ «እሷ መቼ ሞተች?» እያለ ይመጣል። እኛ «እሷ» የምንለው ከሌላ ጋር ስናነጻጽር ወይም ስናጠብቅ ነው፤ በደህና ጊዜ ማንም እንዲህ አይጽፍም። በዚያ የሠለጠነ ሞዴል «እሷ»ን ሲጠብቅ ይኖራል፣ «መቼ ሞተች?» ስትመጣ ደግሞ ሙሉ ጥያቄ መስላው ሳይነካት ያሳልፋታል። ከ40 ሺህ ትርጉም ይልቅ ከራሳችሁ ተጠቃሚዎች የተገኘች፣ በእጅ የተጻፈች አንድ ሺህ ብትይዙ እኔ ያችን እመርጣለሁ።

ግሱ ውስጥ ያለው ፆታ ግን የሚያስደስት ነገር ነው። «ሞተ» ወንድ ስለሆነ ባልየው ነው። ቀጥሎ «አገኘች» ሲል፣ የቅርቡ ሰው ባልየው ቢሆንም ጥያቄው ወደ ማሪ ተመልሷል። «በቅርብ የተጠራውን ስም ውሰድ» የሚለው ዘዴ እዚህ ይወድቃል፤ ግሱን የሚያይ ግን አይወድቅም። «ማሪ ኩሪ ኖቤል ስንት ጊዜ አገኘች?» መልሱ ሁለት ጊዜ ነው፣ በ1903 በፊዚክስና በ1911 በኬሚስትሪ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ «ስ» ተመልሳ መጥታለች፤ አሁን ግን ግስ ይዛ ነው። እዚህ ከፊተኛው ጥያቄ ግስ አትበደሩ። «ተካፈለችው» አለላችሁ። የጎደለው የተካፈለችው ማን እንደሆነችና «የመጀመሪያው» ምን እንደሆነ ብቻ ነው፦ «ማሪ ኩሪ የመጀመሪያውን የኖቤል ሽልማት ከማን ጋር ተካፈለች?» (ከባሏና ከአንሪ ቤክሬል ጋር።) በአጭሩ፣ «ስ» ካለ መጀመሪያ ግስ መኖሩን እዩ። ከሌለ ትበደራላችሁ፤ ካለ የጎደለውን ስም ብቻ ትሞላላችሁ።

እዚሁ ላይ ከ«ኡ» ጋር ተጠንቀቁ። ጠያቂው «ሽልማቱን ከማን ጋር ተካፈለች?» ቢል ኖሮ «ሽልማቱ» ወይ ያ የታወቀው ሽልማት ነው፣ ወይ የእሱ፣ የባልየው ሽልማት። ፊደሉ አንድ ነው። የሚለየው ቀድሞ የተወራው ነው፦ አንድ ሽልማት ተነስቶ ከነበረ የታወቀው ነው ብላችሁ ያዙ።

ሁሉም ቅጥያ ወደ ኋላ አይመለከትም። «ራዲየምን ማን አገኘው?» ላይ ያለው «ው» ራዲየምን ነው የሚያመለክተው፣ እዚያው አጠገቡ ያለውን። ጥያቄው ሙሉ ነው፣ አትንኩት። «ማን አገኘው?» ብቻዋን ስትመጣ ግን ወደ ኋላ ሂዱ። ቅጥያ ባያችሁ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሮጥ ፕሮግራም ደህናውን ጥያቄ በማሪ ኩሪ ያጨናንቀዋል፣ ፍለጋውም ስለ ራዲየም ሳይሆን ስለ እሷ ይሆናል። ይሄኛው ስህተት ከሌላው ይልቅ ተደብቆ ይኖራል፣ ምክንያቱም የተጻፈው ጥያቄ ሲያዩት ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው።

ልክ መሆናችሁን የምታውቁበት መንገድ ይሄ ነው። ውይይቱን ሸፍኑና የጻፋችሁትን ጥያቄ ብቻ ምንም ላላየ ሰው ስጡት። «ማን? የቱ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ጎድሏል። ከዚያ ውይይቱን ግለጡለትና «ይሄ ሰውዬ የጠየቀው ይሄን ነው?» በሉት። «አይ፣ ይሄን አላለም» ካለ በዝቷል። ሁለቱን ስህተት ለየብቻ ቁጠሩ፣ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ጨርሶ አይፈታም። ሰው በአክብሮት «ማሪ ኩሪ የት ተወለዱ?» ብሎ ከጀመረ፣ ቀጥሎ ስለ ባልየው ጠይቆ «መቼ ሞቱ?» ቢል፣ «ሞቱ» አንድ የተከበረ ሰው ነው ወይስ ሁለቱም? የተከበሩት እሳቸው ናቸው ወይስ ባላቸው? ፆታው በአክብሮቱ ጠፍቷል፣ ብዙ ቁጥሩም ከአክብሮቱ ጋር አንድ ሆኗል። እኔ ብሆን የቅርቡን ሰው እይዝና «የማሪ ኩሪ ባል መቼ ሞቱ?» ብዬ እጽፋለሁ፣ አክብሮቱንም እንደ ጠያቂው እተወዋለሁ። ግን ያሟላሁትን ጥያቄ ከውጤቱ በላይ እንዲታይ አደርገዋለሁ። ጠያቂው የፈለገው ሁለቱን ከነበረ በአንድ እይታ አውቆ ያርመዋል።