ውሃ የነካቸው አምስት ካርቶኖች

«በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት ለሽያጭ ሂሳብ ሠራተኛነት ተፈተንኩ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንድ ደንበኛ በአንድ የግዥ ትዕዛዝ 500 ካርቶን ወረቀት አዘዘ፤ የአንዱ ዋጋ ከቫት በፊት 1,200 ብር ነው። መጀመሪያ 180፣ ቀጥሎ 220 ተላከለት፤ ከሁለተኛው ጭነት 5 ካርቶን ውሃ ነክቶት መለሰው። ደረሰኞቹን አዘጋጅተሽ ቀሪውን አሳዪ። እኔ የ500ውን ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ቆርጬ፣ ክፍያውን የተከፈለና ያልተከፈለ ብዬ ለየሁት። ወደቅኩ። ለሚቀጥለው ምን ላጥና?»

እህቴ፣ አንቺ የከፋፈልሽው ገንዘቡን ነው፤ ፈታኙ እንድትከፋፍዪ የፈለገው ዕቃውን ነበር። ትዕዛዝ ገና ቃል ነው፤ ደረሰኝ የሚቆረጠው ደንበኛው ፈርሞ ለተረከበው ያህል ብቻ ነው። የ500 ደረሰኝ ስትቆርጪ ገና መጋዘን ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ሽያጭ ትመዘግቢያለሽ፤ 15 በመቶውንም ቫት ታስታውቂያለሽ። በደንበኛው በኩል ደግሞ ሂሳብ ክፍሉ ደረሰኝሽን ከትዕዛዙና ከዕቃ ገቢ ሰነዱ ጋር ያስተያያል። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ያ ሰነድ ሞዴል 19 ነው። ሞዴል 19 ላይ 180፣ ደረሰኙ ላይ 500 ሲያይ የ180ውን ከፍሎ ሌላውን አያቆይልሽም፤ ሙሉውን ይመልስልሻል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደረሰኝ የ180 ነው፦ 216,000 ብር፣ ቫት 32,400፣ ድምር 248,400። የግዥ ትዕዛዙን ቁጥርና የማስረከቢያ ሰነዱን ቁጥር ሁለቱንም ጻፊበት። በሦስት ደረሰኝ የተበተነ ትዕዛዝ ከስድስት ወር በኋላ የሚገናኘው በግዥ ትዕዛዙ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ደረሰኝ የ215 ነው እንጂ የ220 አይደለም፦ 258,000 ብር፣ ቫት 38,700፣ ድምር 296,700። አምስቱ ከመመለሳቸው በፊት የ220 ደረሰኝ ተቆርጦ ከነበረ ግን ሰርዘሽ ወይም በላዩ ጽፈሽ አታስተካክዪውም፤ ለአምስቱ የተመላሽ ሰነድ ይዘጋጃል።

ቀሪው ስንት ነው? የፈተናው ወጥመድ እዚህ ነው። ደንበኛው አምስቱ በሌላ እንዲተኩለት ከፈለገ ቀሪው 105 ነው። «ተዉት፣ ከሂሳቡ ቀንሱልኝ» ካለ ግን ቀሪው 100 ሆኖ ትዕዛዙ በ495 ይዘጋል። ቁጥሩን የሚወስነው የደንበኛው መልስ ስለሆነ ጥያቄው ላይ ካልተጻፈ የትኛውን ይዘሽ እንደሠራሽ በአንድ መስመር ግለጪ። ብዙ ተፈታኝ 100 ብሎ ያልፋል፤ ከመጋዘን የወጣውን እንጂ ደንበኛው የተቀበለውን ስለማይቆጥር ነው።

በኤክሴል ስትሠሪ ትዕዛዙን በአንድ ገጽ፣ ርክክቡን Shipments ብለሽ በሰየምሽው ሌላ ገጽ አድርጊ። በርክክቡ ገጽ እያንዳንዱ ጭነት የራሱ መስመር ይኑረው፤ የተመለሰ ዕቃ ደግሞ በመቀነስ ምልክት ይግባ። A የትዕዛዝ ቁጥር፣ B የዕቃ መለያ፣ በትዕዛዙ ገጽ D የታዘዘው፣ በርክክቡ ገጽ C የደረሰው ከሆነ ቀሪው ይህ ነው፦

```
=D2-SUMIFS(Shipments!C:C,Shipments!A:A,A2,Shipments!B:B,B2)
```

የዕቃ መለያው ለምን አስፈለገ? ትዕዛዙ ውስጥ ከወረቀት ሌላ እስክሪብቶ ቢኖር፣ የወረቀቱን ጉድለት የእስክሪብቶው ትርፍ ይሸፍነውና ድምሩ ልክ ይመስላል። መልሱ ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ ከታዘዘው በላይ ተልኳል ማለት ነው፤ ደንበኛው ትዕዛዙን በጽሑፍ ሳያሻሽል ለትርፉ ደረሰኝ አትቁረጪ።

ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ሊፈትኑሽ ስለሚችሉ አንድ ነገር ልንገርሽ። በሽያጭ ገጹ ላይ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ Apply to Sales Order እና Apply to Sales። የመጀመሪያውን ከፍተሽ ትዕዛዙን ስትመርጪ Remaining በሚለው ዓምድ ቀሪው ይታያል፤ አንቺ Shipped በሚለው ሥር 180 ትጽፊያለሽ። በሁለተኛው ክፍል ብትጽፊውም ደረሰኙ ያው ይታተማል፣ ክምችቱም ይቀንሳል፤ ትዕዛዙ ግን ምንም እንዳልተላከ 500 እንዳለ ይቆያል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ አደረግሁ። የመጋዘኑ ሰው ያልተሟሉ ትዕዛዞችን ዝርዝር አትሞ ያንኑ ዕቃ ዳግመኛ ጫነ፤ ያወቅነው የደንበኛው ዘበኛ መኪናውን በር ላይ ሲያቆመው ነው። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ባስገባሁ ቁጥር ትዕዛዙን መልሼ ከፍቼ ቀሪው መቀነሱን አያለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የመጨረሻው ጭነት 105 ሲሄድ 126,000 ብርና ቫት 18,900 ይሆናል፤ ሦስቱ ደረሰኞች ሲደመሩ 690,000 ብር መምጣት አለባቸው፤ የትዕዛዙ ሙሉ ዋጋ ከነቫቱ ይኸው ነውና። በፈተና ወረቀትሽ ግርጌ ይህችን ማመሳከሪያ ጻፊ፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው።