የፋሲካ ሌሊት ፎቶ ቀኑ ስንት ነው?

«ሜሪላንድ ውስጥ ለማኅበራችን የበዓል ፎቶዎች መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። ወላጆች አማርኛውን፣ ልጆች እንግሊዝኛውን ያነባሉ። በአንድ ፎቶ ሥር ‹የፋሲካ ሌሊት፣ ቅዳሜ 7 ሰዓት፣ 2017› ብዬ በእንግሊዝኛም ‹የፋሲካ ሌሊት› ብቻ ጨመርኩ። ልጆቹ የድሮ ፎቶ መሰላቸው። ሁለቱን እንዴት ላስታርቅ?»

ያልተስማሙት ቋንቋዎቹ ሳይሆኑ አኃዞቹ ናቸው። አማርኛ የማያነብ ልጅ ፊደሉን ዘሎት ያልፋል፤ 2017ን ግን አይዘለውም። ያን ጊዜ የእርስዎን ዓመተ ምሕረት በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። «7 ሰዓት»ም እንዲሁ ነው፤ ፋሲካ ሌሊት መሆኑን የማያውቅ ሰው የጠዋት ወይም የማታ ሰባት ያደርገዋል።

ስለዚህ ቋንቋውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አይቀላቅሉ። የአማርኛው መስመር በአማርኛ አቆጣጠር ሙሉ ይሁን፤ የእንግሊዝኛውም በራሱ ሙሉ ይሁን። የእርስዎ ፎቶ እንዲህ ይጻፍ፦

የትንሣኤ ቅዳሴ፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት
Easter liturgy, Sunday, April 20, 2025, 1 AM

«ዓ.ም.» የምትለዋን አይተዉ። አማርኛ አንባቢው ባያስፈልገውም፣ ሁለቱን መስመር የሚያይ ሰው በመካከላቸው የአቆጣጠር ልዩነት እንዳለ ይረዳባታል። ልዩነቱም ሁልጊዜ ስምንት አይደለም፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። የ2018 እንቁጣጣሽ ፎቶ 2025 ሲባል፣ የዚያው ዓመት ጥምቀት ግን 2026 ይባላል። በጅምላ ስምንት የሚደምሩ ሰዎች የመስከረምን ፎቶ ወደፊት ይገፉታል።

«አጥቢያ»ን ያለ ምክንያት አላስገባሁም። «የፋሲካ ሌሊት፣ ቅዳሜ 7 ሰዓት» ያሉት ለእኛ ጆሮ ትክክል ነው፤ ሌሊቱ የቅዳሜው ተከታይ ነውና። በፈረንጆቹ ግን ቀኑ በእኩለ ሌሊት ተለውጦ እሑድ ገብቷል። አጥቢያ ሁለቱንም ያስማማል። ቃሉ «ጠባ» ካለው ግስ የመጣ ነው፤ «ጠባ» ደግሞ ከግእዙ «ጸብሐ» ይወርዳል፤ ዐረቡም ማለዳውን «ሰባሕ» ሲል የዚሁ ዘር ነው። ወደ ማለዳው የሚያዘነብል ሌሊት ማለት ነው እንግዲህ፣ ስለዚህ ከእንግሊዝኛው እሑድ ጋር አይጣላም። የእኛ ጋዜጦች ይህን አገላለጽ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ እየተረሳ መሄዱ ያናድደኛል።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ልፋት ትተን በአማርኛውም «እ.ኤ.አ.» ብለን የፈረንጁን ቀን ብንጽፍ ይሻላል ይላሉ። ይህን ሲያደርጉ ግን «ሚያዝያ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.» ብለው ይጽፋሉ። የእኛን ወር ስም ከፈረንጁ ቀን ጋር ማጋባት ነው ይሄ! ሚያዝያ 20 በእነሱ ሚያዝያ 20 አይደለም፤ ኤፕሪል 28 ነው። እ.ኤ.አ. ካሉ ወሩም «ኤፕሪል» ይባል። አለዚያ እናት በአማርኛው የምታነበው ቀን ልጇ በእንግሊዝኛው ከሚያነበው በስምንት ቀን ይርቃል።

ለእኔ ቢሆን በአማርኛው መስመር «፳፻፲፯ ዓ.ም.» ብዬ እጽፍ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ከግሪክ ፊደላት የወረደ ነው፤ አልፋ ፩ን፣ ዮታ ፲ን ወለዱ። ልጁም የሚያውቀው አኃዝ ስላልሆነ አይሳሳትም። ነገር ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት እንኳ ፳፻፲፯ን በቶሎ እንደማያነበው አውቃለሁ፣ ስለዚህ ለእርስዎ መግለጫ አላዝዘውም። ምኞቴ ግን አልተለወጠም።

ሰዓቱ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። አሜሪካ የኖረ ኢትዮጵያዊ በአማርኛም ቢሆን ለከሰዓት በኋላ ቀጠሮ «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ሲል ስልኩ ላይ የሚያየውን 2 PM ማለቱ ነው። አያቱ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይመስላቸዋል፤ ማለትም 8 AM። ይህን አነጋገር አልወደውም፤ የጎልጎታው ጨለማ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር ብሎ ያነበበ ሰው በሰዓት አቆጣጠሩ ሊያፍር አይገባም። ቢሆንም አጠቃቀሙ እዚያ ሥር ሰድዷል፣ ክርክሬም አይመልሰውም። ለፎቶ መግለጫ «ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ» ከሚሉት አንዱን ከሰዓቱ ፊት ካስቀመጡ ይበቃል፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚለውን ማንም አማርኛ አንባቢ በሌላ አይወስደውም። ለስብሰባ ጥሪ ከሆነ ግን፣ ሰው በተሳሳተ ሰዓት እንዳይመጣ፣ በአማርኛው መስመርም ከ«ከቀኑ 8 ሰዓት» ቀጥሎ «2 PM» ብለው ይጻፉ። በላቲን ፊደል መጻፉን እዚህ ላይ ብቻ እፈቅዳለሁ።