v ለ v ተካፍሎ D ብቻ ሲቀር፦ የደበዘዘ የሃይድሮሊክስ ማስታወሻ ንባብ

«ኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። የሃይድሮሊክስ ማስታወሻችን መምህሩ በእጃቸው የጻፉት ነው፤ ፎቶኮፒ ተደርጎ፣ በስልክ ስካን ተነስቶ በቴሌግራም ደረሰን። አንዱ ገጽ ላይ Re = vD/v ይላል። v ከ v ጋር ሲጣፋ D ብቻ ይቀራል። ከሥሩ hf = f (L/D) v²/29 የሚል አለ፤ 29 ከየት እንደመጣ አልገባንም። ምሳሌው D = 50 mm፣ v = 1.2 m/s፣ L = 40 m፣ f = 0.02 ብሎ ይጀምርና Re = 60,000፣ hf = 1.17 m ያወጣል። መሀል ላይ ሌላ v አለ፣ 1.0 × 10 ይላል፣ የአስሩ ፓወር ግን በጥቁር ነጥብ ተሸፍኗል። መምህሩ ምን ለማለት ፈልገው ነው?»

እህቴ፣ ከታች ያለው v ፍጥነት አይደለም። ኑ የሚባለው የግሪክ ፊደል፣ ν፣ ነው፤ የውሃውን ካይነማቲክ ቪስኮሲቲ ይወክላል። ስለዚህ መስመሩ Re = vD/ν ነው። 29 ያልሽውም 2g ነው፤ የ g ጅራት ፎቶኮፒው ላይ ሲደበዝዝ የቀረው ክብና አጭር ዘንግ 9 ይመስላል። በዚህ ኮርስ ማስታወሻ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር በየገጹ ስለሚያጋጥምሽ፣ እንዴት እንደሚለይ በዝርዝር ልንገርሽ።

ከፊደሉ ቅርጽ በፊት ዩኒቱን ተመልከቺ። የሬይኖልድስ ቁጥር ዩኒት የለውም። ላዕሉ ላይ ያለው vD፣ m/s በ m ተባዝቶ m²/s ይሰጣል፤ እንግዲህ ታህቱም m²/s መሆን አለበት። ፍጥነት ብታስገቢበት አንቺው እንዳየሽው ሜትር ይተርፋል። በዚህ ትምህርት ውስጥ m²/s የሚለካው ከ v ጋር የሚምታታ ፊደል ደግሞ ν ብቻ ነው። በ 29ኙም መንገዱ ይኸው ነው። f እና L/D ዩኒት የላቸውም፣ hf ደግሞ በሜትር የሚለካ የከፍታ ብክነት ነው። v² ለ g ሲካፈል m²/s² ለ m/s² ስለሚሆን ሜትር ይወጣል። 29 ተራ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ውጤቱ m²/s² ሆኖ ይቀር ነበር፤ ያ ከፍታ አይደለም።

ዩኒት የነገረሽን በምሳሌው ቁጥሮች አረጋግጪ። መምህር የሠራው ምሳሌ ከነመልሱ ሲገኝ ትልቅ ሀብት ነው፤ የጠፋውን ከመልሱ ወደኋላ እየተመለሱ ማውጣት ይቻላል። 50 mm ማለት 0.05 m ነው፣ ስለዚህ vD = 1.2 × 0.05 = 0.06 ይሆናል። Re 60,000 እንዲወጣ 0.06 ለ 0.000001 መካፈል አለበት። ስለዚህ ጥቁሩ ነጥብ የሸፈነው −6 ነው፣ መስመሩም ν = 1.0 × 10⁻⁶ m²/s ይላል። ይህ ደግሞ ሠንጠረዦች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሆነ ውሃ የሚሰጡት ዋጋ ነው። ሌላ ገጽ ላይ 1.14 × 10⁻⁶ ብታገኚ የጽሑፍ ስህተት ነው ብለሽ አትሰርዢው፤ የ15 ዲግሪ ውሃ ነው። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ደሴ ላይ ላለው ብርድ እንዲያውም ይኸኛው ይቀርባል።

አሁን hf ን እናስላ። L/D = 40/0.05 = 800፣ በ f ሲባዛ 16 ይሆናል። v²/2g = 1.44/19.62 = 0.0734 m ነው። 16 × 0.0734 = 1.17 m፤ ልክ የመምህሩ መልስ ነው። በ 29 ብታካፍይው 0.79 ይወጣ ነበር። ጥርጣሬው እዚህ ላይ ያበቃል።

ምሳሌ የሌለበት ገጽ ላይ ግን ወደ ፊደሉ መመለስ ግድ ነው። ያኔ የመምህሩን የእጅ ጽሑፍ ከራሱ ጋር አስተያዪው። ትርጉሙ የማያጠራጥርበትን ቦታ ፈልጊ፤ Q = vA ላይ ያለው v ፍጥነት ነው፣ ν = μ/ρ ላይ ያለው ደግሞ ኑ ነው። ሁለቱን በስክሪን ሾት ቆርጠሽ ካጠራጠረሽ ፊደል ጎን ደርድሪያቸው። ብዙ ሰው ν ሲጽፍ ግራውን ቀጥ አድርጎ ቀኙን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ የፍጥነቱን v ግን ሁለቱንም ክንድ ቀጥ ያደርገዋል። ρ እና p ላይ የብዕሩን አካሄድ ተከተዪ። ρ ከታች ተነስቶ በአንድ ጉዞ ወደ ላይ ይወጣና ይጠመዘዛል። p ግን መጀመሪያ ዘንጉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ሆዱ ይጨመርበታል፤ በዚህ የተነሳ ዘንጉ ከሆዱ በላይ ትንሽ ብቅ ይላል። p = pgh የሚል ካየሽ የግራው ግፊት፣ የቀኙ ዴንሲቲ ነው።

ዩኒት የማይፈርድበት አንድ አደገኛ ቦታ አለ፤ እሱም f ነው። ሁለት ዓይነት ፍሪክሽን ፋክተር አለ። የዳርሲው በላሚናር ፍሰት 64/Re ነው፣ የፋኒንጉ 16/Re ነው፤ የዳርሲው የፋኒንጉ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ሁለቱም ዩኒት ስለሌላቸው የዩኒት ፍተሻው ሁለቱንም ያሳልፋቸዋል። ፋኒንግን የሚጠቀም ሰው hf = 4f (L/D) v²/2g ብሎ ይጽፋል፤ ያቺ 4 በፎቶኮፒ ከደበዘዘች መልስሽ በአራት እጥፍ ያንሳል። በእናንተ ገጽ ላይ ግን በ f = 0.02 ያለ 4 ተሰልቶ 1.17 ወጥቷል። በሙዲ ቻርት ላይም ግድግዳው ለስላሳ ለሆነ ቧንቧ በ Re 60,000 የሚነበበው የዳርሲ f ወደ 0.02 ነው፤ የፋኒንጉ ቢሆን 0.005 ይሆን ነበር። መምህርሽ ዳርሲን ነው የሚጠቀሙት፣ ላሚናር ላይ የደበዘዘ ቁጥር ካገኘሽም 64 ብለሽ አንብቢው።

የቀሩትን ገጾች ከመጀመርሽ በፊት የተሻለ ቅጂ ፈልጊ። የስካን አፑ ጥቁርና ነጭ ማጣሪያ ቀጫጭን መስመሮችን ስለሚበላ ጅራትና ነጥብ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚያ ነው። ፎቶኮፒው ያለው ልጅ በመስኮት ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ በከለር እንደገና ያንሳው። የጀርባው ጽሑፍ የሚታይ ከሆነ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያድርግበት። ሲልክልሽም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሁለት ንባብ የሚያስተናግድ ምልክት ከቀረ በግምት አትሙዪው። በሌላ ቀለም «ν ወይስ v? ገጽ 14፣ መስመር 3» ዓይነት ማስታወሻ ጻፊና መምህሩ ዘንድ ይዘሽ ሂጂ። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ከሆነ ውጤቱ ይኼ ነው፣ እንዲያ ከሆነ ያኛው፤ የትኛውን ነው የጻፉት?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው እዚያው ቆመው ይመልሱልሻል።