አንድ ገጽ፣ አንድ ሥዕል

ልጆቼ፣ ለድሬዳዋው የሰፈር ስብሰባ ስለ እጅ መታጠብ ያዘጋጃችሁትን ስላይድ ገጽ በገጽ አየሁት። ጽሑፍ መቀነሳችሁ ደስ ብሎኛል። ሥዕሎቹ ላይ ግን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ እናቶችን ሳስተምር በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን አድርጌ ነበር፤ በግራ የቆሸሸ እጅ፣ በቀኝ በሳሙና የታጠበ እጅ። ቃል የሚባል አልነበረበትም፤ በዚያም ኮርቼ ነበር። አንዲት እናት ግን “ሳሙናው እጅ የሚያቆሽሸው ለምንድን ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። እኚህ እናት በልጅነታቸው ቁርአን ማንበብ ተምረዋል፤ ዓይናቸው ገጽን የሚያነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ንጹሑን እጅ አስቀድመው፣ ቆሻሻውን አስከትለው አዩ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ነው የማደርገው። የቱ እንደሚቀድም ገጹን እየገለጥሁ የምወስነው እኔ ነኝ።

የእናንተ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያለው ተውሳክ ከሕፃኑ ራስ ይበልጣል። ተመልካቹ “እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ አውሬ የለም” ብሎ ይተወዋል፤ ሰምቼዋለሁና ነው። እርሱን አውጡትና እናት ልጇን ስታጸዳ አሳዩ፤ በሚቀጥለው ገጽ ያው እጅ እንጀራ ሲቆርስ። ልብስና አምባሯ በሁለቱም ገጽ አንድ ይሁኑ፤ አለበለዚያ ሌላ ሴት ትመስላለች።

የሸክላ መታጠቢያና የሚንቆረቆር ቧንቧም ይቅር። ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ በጀሪካን የሚያጠራቅም ቤት ብዙ ነው፤ ጀሪካኑን፣ ጆጉንና ማስታጠቢያውን ሳሉ። ደግሞም ሕዝባችን ከምግብ በፊት ይታጠባል፤ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠበውም ብዙ ነው። “እጃችሁን ታጠቡ” ማለት ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ነው፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሳሙናው ይሁን። ለምን እንደሚያስፈልግ ሥዕል አይበቃውም። አንድ ሰው መዳፉን በዘይትና በከሰል ዱቄት ይሽ፤ በውሃ ብቻ ይለቅለቅ፤ ጥቁረቱ ይቀራል። ከዚያ በሳሙና ጣቶቹን መሃል ለመሃል፣ የእጁን ጀርባና ጥፍሮቹን እያሸ ሁላችሁም ጮክ ብላችሁ እስከ 20 ቁጠሩ። ሰዓት የሳላችሁበት ገጽ በዚህ ይተካል።

አንድ ቃል ከፈለጋችሁ “ሳሙና” ይበቃል። በኦሮምኛም ያው ነው፤ በሶማልኛ “ሳቡን” ይባላል፤ እርሱን በአፋችሁ ጨምሩበት።

ስብሰባው ግቢ ውስጥ በቀን ከሆነ ፕሮጀክተሩን እርሱት፤ የድሬ ፀሐይ ምስሉን ታጠፋዋለች። በትልቅ ወረቀት አሳትሙት። ከዚያ በፊት ግን ለአምስት ጎረቤቶች አንድ በአንድ አሳዩና “ምን ይታይዎታል?” በሉ። “ገባዎት?” አትበሉ፤ እንግዳ አክባሪ ሁሉ “አዎ” ይላችኋል።