መልስ፦ የሚወዛወዝ ሰርቮን በዘንግ ፍጥነት ፊድባክ ማረጋጋት

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ወርክሾፓችን ያለው የቦታ ሰርቮ ትዕዛዝ ሲደርሰው ደጋግሞ ተወዛውዞ ነው የሚቆመው። ጌይን ስንቀንስ ደግሞ ሸክም ይገፋዋል። ኦፕን ሉፑ 100/(s(s+4)) ነው።»

ጌይኑን አትንኩት። አሁን ዳምፒንጉ 0.2 ስለሆነ ግቡን 53 በመቶ ገደማ አልፎ ይመለሳል። ዘንጉ ላይ የመዞሪያ ፍጥነትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ታኮጄኔሬተር ግጠሙና ምልክቱን ከስህተት ምልክቱ ቀንሱ። መጠኑ፦ በሰከንድ 1 ራዲያን ሲዞር የ0.1 ራዲያን የቦታ ምልክት ያህል ይስጥ። ያኔ 4ቱ 14 ይሆናል፣ 100ው ግን አይነካም፤ ዳምፒንጉ 0.7 ይደርሳል፣ አልፎ መሄዱም ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ሰርቮው ሲቆም ታኮው ዜሮ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሸክም የሚያመጣው ስህተት ያው የበፊቱ ነው።

በትንሽ የታኮ ድርሻ ጀምሩ። ውዝዋዜው ከባሰ ሽቦዎቹ ተገልብጠዋል ማለት ነው፤ አቀያይሯቸው።

ብዙዎች የሚዘነጉት አለ፦ ትዕዛዙ በቋሚ ፍጥነት የሚጓዝ ከሆነ መዘግየቱ ከ0.04 ወደ 0.14 ሰከንድ ያድጋል። ይህ ካስቸገራችሁ በታኮው መስመር ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አስገቡ፣ ምልክቱንም ከ100 ኪሎኦም ሬዚስተር ላይ ውሰዱ። ካፓሲተሩ የቋሚ ፍጥነትን ምልክት ያግዳል፣ ውዝዋዜውን ግን ያሳልፋል። ሞተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚዞር ካፓሲተሩ ፖላሪቲ የሌለው ይሁን። የዚህ ጉዳቱ፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ስህተት እስክትጠፋ 3 ሰከንድ ገደማ መጠበቅ ነው።