«ሪፈር» የተባለ የሕፃን ጆሮ እስከ ሰማንያ ቀን ይቆያል?

«ሰላም እህቶች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ልጄን ከወለድኩ 9 ቀኔ ነው። ሆስፒታል እያለን የጆሮ ምርመራ አደረጉላት፤ ቀኙ አለፈ፣ ግራው ግን ‹ሪፈር› ተባለ። ድጋሚ አምጪያት ብለውኛል። ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ግን ‹በር ሲዘጋ ትደነግጣለች፣ ምንም አልሆነችም፣ ሰማንያዋ ሳይሞላ የትም አትወጣም› አለች። ብቆይ ችግር አለው?»

እንኳን ማርያም ማረችሽ! አጭሩ መልስ፦ አትቆዪ። ለአንዱ ምርመራ የቀረሽ 12 ቀን ብቻ ነው፤ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

የእኔ ልጅ በሁለቱም ጆሮዋ «ሪፈር» ተብላ ነው ከሆስፒታል የወጣችው። አሁን አራት ዓመቷ ነው፣ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። የእኛን ታሪክ ግን ለአንቺ ልጅ ትንቢት አታድርጊው። ሪፈር የተባሉት አብዛኞቹ ሕፃናት ሲደገሙ ያልፋሉ። በቋሚነት የመስማት ችግር የሚገኝባቸው ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ናቸው።

ሪፈር ማለት ማሽኑ የፈለገውን ምላሽ አላገኘም ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም። አንዱ ዓይነት ማሽን ጆሮ ውስጥ ትንሽ መሰኪያ ያስገባና ቀጭን ድምፅ ይልካል። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ለዚያ ድምፅ በጣም ደካማ የመልስ ድምፅ ያወጣል፤ መሰኪያው ውስጥ ያለችው ማይክሮፎን እሱን ትይዛለች። ሌላው ዓይነት ግንባርና ማጅራት አካባቢ ላይ በሚለጠፉ ነገሮች ድምፁ በነርቭ በኩል አንጎል መድረሱን ያያል። ገና የተወለደ ልጅ ጆሮ ውስጥ የሽርት ውሃ ወይም ያ ነጭ ቅባት ሊቀር ይችላል። ልጅቷ ካለቀሰች ወይም ከተወራጨችም ማሽኑ ግራ ይጋባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የወደቀ ጆሮ ትንሽ ቆይቶ ሲደገም ቢያልፍ አይገርምም። ቅባት ይጠራል ብላችሁ ግን ዘይትም ቅቤም ጆሮዋ ውስጥ እንዳታስገቡ።

አሁን ወደ እማማ በር እንምጣ። የእኔም እናት የድስት ክዳን እያጋጨች ነበር የምትፈትናት፣ ልጄም ትደነግጥ ነበር! ኋላ በዋናው ምርመራ በሁለቱም ጆሮዋ ከ50 ዴሲቤል በታች ያለውን እንደማትሰማ ታወቀ። ሰው በተለምዶ ሲያወራ ወደ 60 ይደርሳል፣ የሚጋጭ ክዳን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ክዳኑን ትሰማለች፣ የእኔን ወሬ ግን ከግማሽ በላይ አትይዝም ነበር። ደግሞ አንድ ጆሮ ብቻ ደህና ከሆነ ልጁ በቤት ውስጥ ለከባድ ድምፅ ሁሉ ሊደነግጥ ይችላል። በመደንገጥ ግራ ጆሮን ከቀኝ መለየት አይቻልም።

ስለ ሰማንያው፦ ለሴት ልጅ ክርስትና የሚጠበቀው ቀን ነው፣ እሱን ጠብቁ። ሐኪም ቤት መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለክብደትና ለቢጫነት ሳትወስጃት አልቀረሽም፣ ይህም እንደዚያ ነው። የሚመከረው በአንድ ወር ውስጥ ድጋሚ ማየት፣ ችግር ካለ በሦስት ወር ውስጥ በትክክል ማወቅ፣ በስድስት ወር ውስጥ እርዳታ መጀመር ነው። ሰማንያ ከጠበቅሽ ለሦስት ወሩ አሥር ቀን ይቀርሻል፣ የመስማት ችሎታን የሚለካው ባለሙያ፣ የኦዲዮሎጂስት፣ ቀጠሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ያስጠብቃል።

12 ቀን ያልኩሽ ሲኤምቪ ለሚባል ቫይረስ ነው። እናት በእርግዝና ጊዜ ሳታውቀው ለልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች፣ ሲወለዱ ከሚገኙ የመስማት ችግሮች ምክንያትም አንዱ ነው። የሚታወቀው በሽንት ወይም በምራቅ ነው፤ ናሙናው ግን በተወለደች በ21 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። ከዚያ በኋላ ቢገኝ ከማህፀን ይዛው ትምጣ ወይ ከተወለደች በኋላ ትያዘው መለየት ይከብዳል። መድኃኒት ካስፈለገም የሚመረጠው በመጀመሪያው ወር መጀመሩ ነው። ዩታ በ2013 የጆሮ ምርመራ ላላለፉ ሕፃናት ይህንን በሕግ አስገድዳለች፣ በሁሉም ስቴት ግን እንዲያ አይደለም። ስለዚህ ነገ ለሕፃናት ሐኪሟ ደውዪና «ጆሮዋ ሪፈር ስለተባለ ሲኤምቪ ይታይልኝ» በዪ። የእኔ ልጅ ነፃ ነበረች፣ ግን በጊዜው ስላየነው አንዱን ጥያቄ ዘጋን።

ድጋሚው ካላለፈ ዋናው ምርመራ ይመጣል። ልጅቷ ተኝታ ለእያንዳንዱ ጆሮ፣ ለወፍራምና ለቀጭን ድምፅ ለየብቻ ይለካል። ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይም ድምፅ ያሰማሉ፤ ችግሩ የመሃል ጆሮ ፈሳሽ ይሁን የውስጥ ጆሮ በዚያ ይለያል። ፈሳሽ ከሆነ ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው። ከእንቅልፏ ከነቃች ሁሉም ነገር ይቆማል። እኛ የሄድነው በሁለት ወር ገደማ ነበር። ከቤት ስንወጣ አላጠባኋትም፣ መኪና ውስጥ ባለቤቴ እግሯን እየኮረኮረ እንዳትተኛ አደረገ። እዚያ ደርሰን ጡቴን ስሰጣት ጭልጥ አለች፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ለኩ። ልጅ ከፍ ሲል እንቅልፉ ስለሚያጥር አንዳንዴ በመድኃኒት ማስተኛት ያስፈልጋል። በጊዜ መሄድ ከዚህም ያድናል።

ቀጠሮ ስይዝ አንድ ክሊኒክ «ትንሽ ትደግ፣ መናገር ካልቻለች እናያለን» ብሎኝ ነበር። ይህን ከሚል ሰው ራቂ። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት «አ»፣ «ኡ» ይላል፣ ይስቃል፣ ከሌላው ልጅ አይለይም። ልዩነቱ ዓይን ላይ የሚመጣው ከስድስት ወር ወዲያ ነው፤ ሌሎቹ «ባ ባ ባ» ሲሉ እሱ ይዘገያል ወይም ዝም ይላል። እስከዚያ ድረስ ደግሞ አንጎሉ ድምፅ መለየት የሚማርበት ጊዜ እየሄደ ነው። ክሪስቲን ዮሺናጋ-ኢታኖና ባልደረቦቿ ኮሎራዶ ውስጥ ያጠኑት፣ በ1998 የታተመ ጥናት አለ። ችግራቸው ከስድስት ወር በፊት የተገኘ ልጆች ዘግይቶ ከተገኘባቸው የተሻለ ቋንቋ ነበራቸው፣ የመስማት ችግሩ ቀላልም ይሁን ከባድ።

በእኛ ቋንቋ አስቢው። «መጣህ» እና «መጣሽ» የሚለዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ነው። «ሽ» እና «ስ» ቀጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው፣ ቀድመው ከሚጠፉት ውስጥ ናቸው። ልጄ መሣሪያዋን ያደረገችው ገና ሦስት ወር አካባቢ ሳለች ነው፤ ዛሬ አባቷን «መጣህ»፣ እኔን «መጣሽ» ትላለች። አማርኛውን ተዉና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት ያለን ሰውም ነበር። አልተውንም፣ የንግግር ባለሙያዋም በሚቀናችሁ ቋንቋ አናግሯት ነው ያለችን።

«ደግሞ አንዱ ጆሮ ደህና ነው» የሚልሽም አይጠፋም። ግራው በእርግጥ የማይሰማ ከሆነ ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት፣ ጫጫታ ባለበት ክፍል መስማት ይከብዳታል። ደህናውም ጆሮ በየጊዜው መታየት አለበት።

ስትሄጂ የሆስፒታሉን ወረቀት ያዢ። በየትኛው ዓይነት ማሽን እንደታየች ጠይቂ፤ የወደቀችው አንጎል ድረስ በሚያየው ከሆነ ድጋሚውም በዚያው ይሁን፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዓይነት የነርቭ ችግርን አያገኝም። ግራው ብቻ ቢወድቅም ሁለቱንም ጆሮ እንዲያዩ ንገሪያቸው። ሲደጋግሙ በአጋጣሚ ሊያልፍ ስለሚችል ደግመው ደግመው እስኪያልፍ እንዲሞክሩ አትፍቀጂ፤ ድጋሚው ከወደቀ ቀጥታ ወደ ኦዲዮሎጂስት ይላኩሽ። ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አያስከፍሉሽም። የማታውቂው ቁጥር ሲደወልም አንሺ፣ ቀጠሮ የሚያስይዙት በዚያ ነው።