«አለቃዬ ጋ ለመደወል ትንሽ ቆዩልኝ» ማለትን ለማታውቁ ልጆች

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በሠራተኛ አስተዳደር ሠርቻለሁ። ስንጀምር «ፐርሶኔል» ነበር የሚባለው፣ ስወጣ «ኤችአር» ሆኗል። ወንበሩ ግን ያው ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት ነው መጀመሪያ የምነግራችሁ።

ለንብረት ክፍል ሰው ፈልገን ማስታወቂያ አወጣን። አንዲት የሸዋ ሮቢት ልጅ አመለከተች። እዚሁ ከተማ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት የሠራች፣ ጥያቄ ስትመልስ የማትንተባተብ ልጅ ናት። ወደድናት። ሲቪዋ ላይ የአለቃዋ ስም ነበር፣ ሰውየውን ደግሞ በዕድር አውቀዋለሁ። ሳልጠይቃት ስልኬን አነሳሁና ደወልኩ። «አንተ፣ ይቺ ልጅ እንዴት ናት?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ልትለቅ ነው እንዴ?» አለኝ። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነው።

አላባረራት። መጋዘኑን ግን ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላ ሰጠው፣ እሷን ወረቀት ወደሚያመላልስ ሥራ አዞራት። «ለምትሄድ ሰው ምን አስለፋኝ» ነው ነገሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኛ በጀት ተሰረዘና ቅጥሩ ቀረ። ልጅቷ ሁለቱንም አጣች። ቢሮዬ መጥታ «ጋሼ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ራሴ ቀድሜ እነግረው ነበር» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ የደወልኩበት ሰው የለም። ግን የእኔ መታረም እናንተን አያድናችሁም። ሌላው ቀጣሪ ስላልታረመ፣ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። አጠያየቁ ደግሞ የራሱ መላ አለው።

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ በተቀመጥኩበት ስልኩን ይዞ መጣ። ጠባሴ አካባቢ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሁለተኛ ኢንተርቪው አድርጎለት ፎርም ልኮለታል። ሦስት ሪፈረንስ ይጠይቃል፣ አንዱ «የአሁን የቅርብ አለቃ» እንዲሆን ይላል። ከታች ደግሞ «ድርጅቱ ማንኛውንም የቀድሞም ሆነ የአሁን አሠሪዬን እንዲጠይቅ ፈቅጃለሁ» የሚል ማስፈረሚያ አለ። ልጁ ሊፈርም ብዕር ይፈልጋል! ቆይ ብዬ አስቀመጥኩት።

ለአለቃው ቦታ ላይ መጀመሪያ የጻፈው «አይፈቀድም» የሚል አንድ ቃል ነበር። ይሄንን ስናይ እኛ ምን እንደምናስብ ልንገራችሁ። ጉድለት አለበት፣ ተጣልቷል፣ ወይ ጭራሽ እዚያ አይሠራም እንላለን። እምቢታ ጥርጣሬ ይጠራል። «ቆዩልኝ» ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ እስከ መቼ እንደሆነና እስከዚያው ማንን መጠየቅ እንደሚችሉ አብሮ ከተነገረ። ቁጭ ብለን እንዲህ አድርገን ጻፍነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የአሁን አለቃዬን እንድታነጋግሩ ፈቃደኛ ነኝ። ሆኖም ሌላ ሥራ ማመልከቴን መሥሪያ ቤቴ ገና አላወቀም። ስለዚህ አለቃዬንም ሆነ ማንኛውንም የመሥሪያ ቤቴን ሰው የምታነጋግሩት የቅጥር ደብዳቤው በጽሑፍ ደርሶኝ ከተስማማሁ በኋላ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ደብዳቤው ይህ ማጣራት ሲሟላ የሚጸና ነው ቢል ቅር አይለኝም። እስከዚያው የቀድሞ አለቃዬንና ባለፈው ዓመት ከመሥሪያ ቤቴ የለቀቁትን የሂሳብ ክፍል ኃላፊ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሁለቱም እንደምትደውሉ ያውቃሉ።»

እዚህ ላይ «ማንኛውንም የመሥሪያ ቤቴን ሰው» የምትለዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጁ የጻፈው «አለቃዬን» ብቻ ነበር። ማጣራት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አለቃችሁን ስለ ሥራችሁና ስለ ጠባያችሁ መጠየቅ ነው። ሌላው ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ደውሎ «እገሌ እዚያ ይሠራል? ከመቼ ጀምሮ? በምን መደብ?» ማለት ነው። ሁለተኛውን ብዙ ቀጣሪ እንደ ጥያቄም አይቆጥረው፣ «አለቃህን እኮ አልጠየቅንም» ይላችኋል። ስልኩን የምታነሳው ጸሐፊ ግን አፍ አላት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬ ከተማውን ይዞራል።

ማስፈረሚያውንም ዝም ብለን አላለፍነውም። «ማንኛውንም የአሁን አሠሪዬን» ብሎ ከፈረመ የላከው ኢሜይል ምን ዋጋ አለው? ከፊርማው አጠገብ «የአሁን አሠሪዬን በሚመለከት በኢሜይል በገለጽኩት ጊዜ ብቻ» ብሎ በእጁ ጻፈበት፣ ፎቶ አንስቶ ላከ። አንዳንዱ ድርጅት ማጣራቱን ለሌላ ኩባንያ ነው የሚሰጠው። ያ ኩባንያ የሚያየው የተፈረመውን ወረቀት ነው እንጂ እናንተ ለኤችአሯ የነገራችኋትን አይደለም። ስለዚህ ልመናችሁ ወረቀቱ ላይ ይኑር። በስልክ «እሺ፣ ችግር የለም» የተባለ ነገር ደዋዩ ሲቀየር ይረሳል።

ኤችአሯ በማግስቱ መለሰች። «ደመወዝህን ግን ማረጋገጥ እንፈልጋለን» አለች። ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ደግሞ እጁ ላይ አለ። የሦስት ወር የደመወዝ ስሊፕ፣ የቅጥር ውሉንና የመጨረሻውን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላከ። በነገራችን ላይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሥራ ላይ እያላችሁም ጠይቃችሁ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። ግን ብልሃቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሥራ በምትፈልጉበት ሳምንት ከጠየቃችሁ ያው ደወላችሁ ማለት ነው። እኔ ብሆን ነገር ዓለሙ ሰላም በሆነበት ጊዜ፣ እድገት ወይ ጭማሪ ባገኘሁ ሰሞን አወጣው ነበር።

ሐሙስ ደብዳቤው መጣ። ልጁ ደመወዙን አይቶ ሊዘል ምንም አልቀረው። እኔ ቀኑን ጠየቅሁት። ሥራ የሚጀምረው ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነው ይላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ ይሄም አዋጁ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ ከመስማማቱ በፊት መጀመሪያ ቀኑ ማጣራቱ ካለቀ በኋላ 35 ቀን እንዲሆን ጠየቀ። ተፈቀደለት። አምስቷ ቀን ለርክክብና ለክሊራንስ ናት፣ ክሊራንስ መቼም በቀኑ አልቆ አያውቅም።

አሁን አለቃው ጋ መደወል ይቻላል። ግን መጀመሪያ የሚሰማው ከማን ነው? ከልጁ ነው መሆን ያለበት። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቶ ነገረው። የሥራ መልቀቂያ ግን አላስገባም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ተቀብለውኛል፣ ስለ እኔ ሊጠይቁዎት ዛሬ ወይ ነገ ይደውላሉ። ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው።» ሲወጣ ለኤችአሯ «አሁን መደወል ትችላላችሁ» ብሎ ጻፈላት። ረቡዕ «ማጣራቱ ተጠናቋል፣ ቅጥርህ ጸንቷል» የሚል ኢሜይል ደረሰው። መልቀቂያውን ያስገባው የዚያን ቀን ከሰዓት ነው። ሠላሳው ቀን መቆጠር የጀመረውም ከዚያ ነው።

ሰኞና ረቡዕ መካከል ያለችው ጊዜ ናት የምታስፈራው። ደብዳቤው «ሲሟላ የሚጸና» ስለሚል አለቃው ክፉ ከተናገረ ሊቀር ይችላል። ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ዘዴ አላውቅም። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። የእኔዋ የሸዋ ሮቢት ልጅ ስትጋለጥ ገና ከስድስት አመልካቾች አንዷ ነበረች። ይሄ ልጅ ሲጋለጥ የተመረጠው እሱ ብቻ ነው፣ ደመወዙ ተጽፏል፣ የቀረው አንድ ስልክ ነው። አለቃችሁ ቂመኛ መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ቀድማችሁ «የሚጎዳኝ ነገር ከተባለ ከመወሰናችሁ በፊት መልሴን ስሙ» ብላችሁ ጻፉ። ብዙዎቹ ይሰማሉ።

የልጁ አለቃ ጥሩ ነው የተናገረለት። ቢሮ ውስጥ ግን ሁለት ሳምንት አኩርፎ የዓመቱን ቆጠራ ብቻውን አሠራው። ይሁን።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይሄድም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዝውውር ከሆነ ያላችሁበት መሥሪያ ቤት ስምምነት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው መደበቅ የማይሆን ነገር ነው። ገንዘብ የሚያዝበት ሥራ ላይ ደግሞ «ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት እንደውላለን» የሚል ቀጣሪ ያጋጥማችኋል። ያኔ ቢያንስ «የመጨረሻ ምርጫችሁ መሆኔን ንገሩኝና አንድ ቀን ስጡኝ» በሉ። አንድ ቀን ለአለቃ ለመንገር ይበቃል። ያንንም ከከለከሉ፣ «ለፎርማሊቲ ነው» እያሉ ስልክ ቁጥሩን ደጋግመው ከጠየቁ፣ እኔ ልቤ አይረጋም። ፎርማሊቲ ከሆነ ለምን አይቆይም?

የመጀመሪያ ሥራችሁ ላይ ሆናችሁ ሌላ አለቃ ከሌላችሁ፣ ኢንተርንሽፕ ያሠራችሁን ሰው ወይም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከራችሁን መምህር ስጡ። ጓደኛን አለቃ አስመስሎ መስጠት ግን አይሆንም። ደውለን ሁለት ጥያቄ ስንጠይቅ እናውቃለን። «ስንት ሰው ነበር ከሥሩ?» ስንል «እ... ቆይ ልጠይቀው» ያለኝ አለቃ ገጥሞኛል።

የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ፋይላችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ልመናው ውስጥ አትደብቁት። አለቃችሁ በመጨረሻ መጠየቁ አይቀርም፣ ያኔ ከእሱ ከሚሰሙት ከእናንተ ይስሙት። በኢንተርቪው ላይ ባጭሩ ንገሯቸው።

የሸዋ ሮቢቷን ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ የተሻለ ድርጅት ሊቀጥራት ፈልጎ እኔን ሪፈረንስ አድርጋ ሰጠችኝ። ተገርሜ ደወልኩላትና «እኔን? ምን ብዬ?» አልኳት። «እርስዎ ሳያስፈቅዱ አይደውሉም አሁን፣ ሲደወልልዎትም ለማንም አያወሩም» አለችኝ። ቀጣሪዋ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «አሁን ያለችበት መሥሪያ ቤት ያውቃል?» ብዬ ነው። «አላወቀም፣ እንድንቆይላት ጠይቃናለች» አለችኝ ሴትዮዋ።